ማሰሪያ አንቀጹን ማን ያዘው?

ከዓመታት በፊት ለአንድ የሙያ ጉባኤ የተናጋሪዎቹን አጭር የሙያ ታሪክ ያሰናዳሁት እኔ ነበርኩ። ጽሑፎቹ ከባለቤቶቹ የመጡት በ«እኔ» ነው፤ የመድረክ መሪው የሚያነባቸው ግን በ«እርሳቸው» ስለሆነ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ግሦቹን ስለውጥ አደርኩ። በማግሥቱ አዳራሹ ሞልቶ፣ የአንዲት የተከበሩ ባለሙያ ተራ ሲደርስ መሪው እንዲህ ብሎ አነበበ፦ «በዘርፉ ሰፊ ልምድ ያላቸው ይመስላቸዋል።» ሴትየዋ የጻፉት «ልምድ ያለኝ ይመስለኛል» ብለው በትሕትና ነበር። እኔ ያቺን ግሥ ከ«እኔ» ወደ «እርሳቸው» ሳሻግራት ትሕትናው መንገድ ላይ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ደረሰ። አንገታቸውን ደፍተው ወደ መድረኩ የወጡበት ሁኔታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አጭር የሙያ ታሪክ ሲመጣልኝ ከሁሉ በፊት ወደ «እርሳቸው» ለውጬ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ባለቤቱ በራሱ አፍ ሲናገረው ለጆሮ የሚለሰልስ ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲገባ ምን እንደሚሆን ወዲያው ይታያል። «ሥልጠና ለመስጠት ሞክሬያለሁ» ጨዋነት ነው፤ «ሥልጠና ለመስጠት ሞክረዋል» ሲባል ግን ሰሚው ሥልጠናው እንዳልተሳካ ይረዳል። «የተወሰነ ሚና ተጫውቻለሁ ብዬ አስባለሁ» የሚለውም «ተጫውቻለሁ ብለው ያስባሉ» ሲሆን፣ አንባቢው ሌሎች እንደዚያ እንደማያስቡ ይጠረጥራል።

ይህ የሚሆነው በአማርኛ አሠራር ምክንያት ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው። የሰዋስው መምህሮቻችን ያን የመጨረሻ ግሥ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል፤ የቀረው ሁሉ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል። «ሠላሳ ሰው አሠልጥኛለሁ» ስል ማሰሪያው ማሠልጠኔ ነው። «ሠላሳ ሰው አሠልጥኛለሁ ብዬ አስባለሁ» ስል ግን ማሰሪያውን የያዘው ማሰቤ ነው፤ ማሠልጠኔ ወደ ጥገኛነት ወርዷል። «ምናልባት» ከማሰሪያው በፊት ስለምትቀመጥ ጉዳቷ ቀላል ነው፤ ብትሰርዛት ዓረፍተ ነገሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ይመስለኛል»፣ «ብዬ አስባለሁ»፣ «ለማለት ይቻላል»፣ «ጥረት አድርጌያለሁ» ግን የሚቀመጡት በማሰሪያው ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራዬ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ በእርሳስ ማስመር ነው። የተሰመረባቸውን ግሦች ብቻ ከላይ ወደ ታች ሳነብ ሰውየው የሠራው ሥራ ካልታየኝ፣ ታሪኩ ገና አልተጻፈም።

አንድ ሥራ በዝርዝር ላሳይ። በ2017 ዓ.ም. አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ቡና ቀማሽ ለወጣት ቀማሾች ንግግር እንዲያደርጉ ተጋብዘው፣ መተዋወቂያ የሚሆን ጽሑፍ ይዘውልኝ መጡ። እንዲህ ይላል፦

«በቡናው ዘርፍ ለረጅም ዓመታት የቆየሁ ሲሆን፣ በቅምሻው በኩል በመጠኑም ቢሆን ልምድ ያለኝ ይመስለኛል። በተለያዩ ቦታዎች የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማድረግ ጥረት አድርጌያለሁ። በርካታ ወጣቶችን በማሠልጠን ረገድም የተወሰነ ሚና ተጫውቻለሁ ብዬ አስባለሁ። ኪው ግሬደር የመሆን ዕድልም አጋጥሞኝ ነበር ለማለት ይቻላል።»

ማሰሪያዎቹን አሰመርኩ፦ ይመስለኛል፣ ጥረት አድርጌያለሁ፣ አስባለሁ፣ ይቻላል። ከአራቱ አንዱም ስለ ቡና አይናገርም።

«ጋሼ፣ ቡናው የት አለ?» አልኳቸው።

ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ደስ አይልም» አሉኝ።

ክርክር ውስጥ አልገባሁም፤ የቅምሻ ቅጻቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። በለመዱት ቅጽ ለአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይቀዳል፤ መዓዛው፣ ጣዕሙ፣ አፍ ውስጥ የሚቀረው ቅምሻ፣ ኮምጣጣነቱና ሌላው ሁሉ ለየብቻው ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡም እስከ ሩብ ድረስ ይወርዳል። ድምሩ ከመቶ 80ና ከዚያ በላይ የሆነ ቡና «ስፔሻሊቲ» ይባላል። አንዱ ወረቀት ላይ 84.25 ብለው ጽፈው ፈርመዋል። ያ ቁጥር የሰው ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ ገበሬውም ላኪውም ይነካበታል። እንዲያም ሆኖ «84 ገደማ ይመስለኛል» የሚል ቃል የለበትም።

«እዚህ ላይ ለምን አላመነቱም?» አልኳቸው።

«የምናገረው ስለ ቡናው ነዋ! የቀመስኩትን ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያውስ ይኼንንም እንደዚያ እንጻፈው። ስለ ራስዎ ይተዉት፤ የሠሩትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማመንታት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሳሁ፦ «ይህን ቃል እዚህ ያስገባው ምንድን ነው?» በልምዴ መልሱ ከሦስት አይወጣም። አንደኛው ይሉኝታ ነው፤ ነገሩ እውነት ነው፣ ሰውየው መኩራራት እንዳይመስልበት ፈርቷል። ሁለተኛው ቁጥሩን አለማወቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩ እንደተጻፈው ሙሉ በሙሉ እውነት አለመሆኑ ነው። ሦስቱ የሚታከሙት በተለያየ መንገድ ስለሆነ፣ ሁሉንም በጅምላ መሰረዝ ከባድ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የይሉኝታ ነበር። «በመጠኑም ቢሆን» እና «ይመስለኛል» ወጡ። ነገር ግን ሁለቱ ሲወጡ የቀረው «ለረጅም ዓመታት የቆየሁ» የሚል ባዶ ነገር ሆነ። ይህ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነው፤ ማመንታቱ ሲነሣ ከሥሩ የጎደለ መረጃ ይገኛል። መቼ እንደጀመሩ ጠየቅኳቸው፤ 1995 ዓ.ም. አሉኝ። የት? ዘጠኝ ዓመት ዲላ፣ ከ2004 ጀምሮ አዲስ አበባ። በቃ፣ «የተለያዩ ቦታዎች» ስም አገኘ፤ «የበኩሌን አስተዋጽኦ» የሚለውም ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ሥራ ፈት ሆኖ ራሱ ወደቀ። «ልምድ አለኝ» ማለትም አላስፈለገም። 22 ዓመት ስኒ ላይ ያጎነበሰ ሰው ልምድ እንዳለው አንባቢው ራሱ ይናገራል።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የቁጥር ነበር። «በርካታ» ስንት ነው? አላወቁትም። የማያውቁትን ቁጥር እኔ ገምቼ አልጽፍም፤ «ከመቶ በላይ» የሚል የተለመደ ማስዋቢያም አላስገባም። ወደ ቤት ሄደው የድሮ ማስታወሻ ደብተራቸውን እንዲያዩ ለመንኳቸው። በማግሥቱ ደውለው በሦስት ዙር 12፣ 10 እና 9 ሰው እንዳሠለጠኑ ነገሩኝ፤ 31 ማለት ነው። ከ«በርካታ» ያነሰ ይመስላል፣ ግን የሚጨበጥ ነው። ደብተር ባይገኝ ኖሮ «ወደ 30 የሚጠጉ» ብዬ እጽፍ ነበር። እንዲህ ያለው ግምት ማመንታት አይደለም፤ የሚታወቀው እስከ የት እንደሆነ የሚያመለክት ልክ ነው።

የከበደው አራተኛው ነበር። «ዕድልም አጋጥሞኝ ነበር ለማለት ይቻላል» የሚለውን አይቼ፣ የይሉኝታ ነው ብዬ፣ ቸኩዬ «ኪው ግሬደር ናቸው» ብዬ ጽፌ ሳነብላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ኪው ግሬደር የሚያሰኘውን የቡና ቀማሽነት ፈቃድ ያገኙት በ2006 ዓ.ም. ነው። በጊዜው ደንብ ፈቃዱ በየሦስት ዓመቱ በፈተና ይታደሳል፤ እርሳቸው በ2009 አላሳደሱትም። ያ ሁሉ የተንዛዛ ቃል የተሸከመው ይህን እውነት ነበር። እኔ በጥድፊያ ብሰርዘው ኖሮ አንድ ሐቀኛ ሰው በሙያ ባልደረቦቹ ፊት ውሸታም ይሆን ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ፈቃድ እንዴት እንደሚታደስ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ማመንታቱን በዓመተ ምሕረት ተካሁት፦ «በ2006 ዓ.ም. የኪው ግሬደር ፈቃድ አግኝተው እስከ 2009 ሠርተውበታል።» እውነቱ ምንም ሳይጎድልበት ማሰሪያው ቀጥ አለ።

ብዙ አርታዒ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልፍስፍስ ቃል ሲያስወግድ በቦታው የጎላ ቃል ይተክላል፦ «ጉልህ ሚና»፣ «ከፍተኛ አስተዋጽኦ»፣ «አንጋፋና ስመ ጥር»። እነዚህም የ«በመጠኑም ቢሆን» ወንድሞች ናቸው፤ ያም ያም ምን እንደተሠራ ሳይናገር ያልፋል። ልዩነቱን ለማወቅ የምጠቀምበት ፈተና አንድ ነው። ከባለቤቱ ጋር ጎን ለጎን የሠራ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል ብዬ አስባለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ ያ ሰው «አዎ፣ ልክ ነው» ብሎ ራሱን የሚነቀንቅ ከሆነ ይቆያል፤ ወደ ጎረቤቱ ዞር የሚል ከሆነ ይወጣል።

የመጨረሻው ጽሑፍ አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ፦

«ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት በዲላ፣ ከ2004 ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ ቡና ቀምሰዋል። በ2006 ዓ.ም. የኪው ግሬደር ፈቃድ አግኝተው እስከ 2009 ሠርተውበታል። በሦስት ዙር 31 ቀማሾችን አሠልጥነዋል። ዛሬም በየቀኑ ይቀምሳሉ።»

ማሰሪያዎቹ ቀምሰዋል፣ ሠርተውበታል፣ አሠልጥነዋል፣ ይቀምሳሉ ሆኑ። የሚያስተዋውቃቸው ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት እንኳ እነዚህን አራት ግሦች ይዞ ስለ ማን እንደሚናገር አይስትም።

ካነበብኩላቸው በኋላ ዝም ብለው ቆዩና ወረቀቱን ተቀብለው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ጋ 'ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር' የሚል ይግባ። ብቻዬን አይደለም ያሠለጠንኩት።» ለጥቂት ጊዜ ያው የተለመደው ይሉኝታ ተመልሶ መጣ ብዬ ሠጋሁ። በፈተናዬ አሳለፍኩት። ሁለቱ ባልደረቦች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው «31 ቀማሾችን አሠልጥነዋል» ሲባል ቢሰሙ እርስ በርስ መተያየታቸው አይቀርም። አስገባሁት፦ «ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በሦስት ዙር 31 ቀማሾችን አሠልጥነዋል።» ማሰሪያው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሥራውም ከነሠሪዎቹ ተነገረ።