የቃል ስሕተትና የማስረጃ ጉድለት፦ በአንድ የተሻረ ጥናት ግምገማ ላይ የቀረበ ሒስ

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ፕሎስ ዋን የተባለው የሳይንስ መጽሔት ስለ ሰው እጅ ቅንጅት የሚያትት አንድ ጥናት አወጣ። የጥናቱ አዘጋጆች በአብዛኛው ቻይናውያን ተመራማሪዎች ነበሩ። ሰዎች በዕለት ተዕለት ሥራቸው ዕቃ ሲጨብጡ የእጅ መገጣጠሚያዎች እንዴት ተባብረው እንደሚንቀሳቀሱ መርምረው፣ ይህን ቅንጅት ጡንቻንና መገጣጠሚያን ከሚያያይዙ ጅማቶች አሠራር ጋር አገናኙት። በጽሑፉ አጠቃሎ ውስጥ ግን ይህ አሠራር የፈጣሪ ተገቢ ንድፍ መሆኑን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ነበር።

ከአንባቢዎች ተቃውሞ በተነሣ ጊዜ ደራስያኑ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዳልሆነና ቃሉን ባለቋንቋዎቹ በሚረዱት መንገድ እንዳልተረዱት አስታወቁ። ሊሉ የፈለጉት «ተፈጥሮ» እንደ ነበረ፣ ይህም የዝግመተ ለውጥ ውጤት ማለት እንደ ሆነ ገለጹ። ማብራሪያው ሊታመን የሚችል ነው። በአማርኛ «ተፈጥሮ» እና «ፈጣሪ» ከአንድ ሥር የሚወጡ ቃላት ናቸው፤ በቻይንኛም «ዛኦኋ» የሚለው ቃል የመፍጠርን ኃይልም ተፈጥሮንም ሊያመለክት ይችላል። ሆኖም መጽሔቱ በዚያው ዓመት መጋቢት ጽሑፉን ሻረ። ምክንያቱንም ሲገልጽ የሳይንሳዊ መነሻው፣ የአቀራረቡና የቋንቋው ችግሮች በአቻ ግምገማ ወቅት በአግባቡ አልታዩም አለ።

የዚህ ሒስ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያው ሦስቱን ችግሮች ጎን ለጎን ደረደራቸው እንጂ የትኛው ጽሑፉን ለመሻር እንዳበቃ አልለየም። ቋንቋው ብቻ ቢሆን ኖሮ እርማት ይበቃ ነበር፤ ሳይንሱ ከሆነ ደግሞ አንባቢ የትኛው መረጃ ወይም መደምደሚያ እንደማያስተማምን ሊነገረው ይገባ ነበር።

መለያው አስቸጋሪ አይደለም። ገምጋሚው አጠራጣሪውን ዐረፍተ ነገር ደራሲው ሊል በፈለገው ትክክለኛ ቃል ይተካዋል፤ ከዚያም የጥናቱን ዘዴ፣ መረጃና መደምደሚያ እንደገና ይመረምራል። ጉድለቱ ከቃሉ ጋር አብሮ ከጠፋ ችግሩ የቋንቋ ነበር፤ ቃሉ ተስተካክሎም ከቀረ የሳይንስ ነው።

ይህን በእጅ ጥናቱ ላይ እንሞክረው። «ፈጣሪ» የሚለውን አንሥተን «ዝግመተ ለውጥ» ብንተካ፣ ያን ሁሉ ቁጣ ያስነሣው ነገር ይጠፋል። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ጥናቱ የመረመረው ዛሬ የሚኖሩ ሰዎችን የእጅ እንቅስቃሴ ነው። የእጅ አሠራር ከየት እንደ መጣ የሚናገር መደምደሚያ ግን፣ ምንጩ ፈጣሪ ተባለ ዝግመተ ለውጥ፣ ከዚህ ዓይነት ልኬት ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ በሁለቱም ቃላት ከመረጃው አልፎ ሄዷል። ሚዛናዊ ገምጋሚ ቃሉ እንዲስተካከል በአንድ መስመር ይጠይቃል፤ ስለ ምንጭ የተነገረው እንዲወጣ ወይም እንዲለዝብ ደግሞ በሌላ መስመር ያሳስባል። ልኬቱ ራሱ ትክክል ነው ወይ የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ ነው፤ እሱም የሚመለሰው ዘዴውን በመመርመር እንጂ አጠቃሎውን በማንበብ አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ገምጋሚው ትክክለኛውን ቃል በራሱ ሊያውቅ አይችልም። አንድ የሕክምና ጥናት ሕሙማኑ በ«ራንደም» በሁለት ቡድን ተመደቡ ቢል፣ ቃሉ በተራ እንግሊዝኛ «እንደ መጣ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሙከራ ጥናት ግን «በዕጣ» ማለት ነው። በኮምፒዩተር የወጣ ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ተይዞ ከነበረ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በመጨመር ነገሩ ይቃናል። ሕሙማኑ በመጡበት ቀን ተለይተው ከነበረ ግን፣ መዝጋቢው ቀጣዩ ሰው ወዴት እንደሚገባ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ጠና ያለውን ታማሚ ወደ አንዱ ወገን ሊያዘነብል ይችላል፤ ይህን ጉድለት የሰዋስው እርማት አያድነውም። ስለዚህ ገምጋሚው መገመቱን ትቶ ይጠይቅ፦ ዝርዝሩ እንዴት ወጣ? ማን ያዘው? መዝጋቢው አስቀድሞ ያየው ነበር?

«እንግሊዝኛው ይታረም» የሚል ደረቅ አስተያየት ለደራሲውም ለአርታኢውም አይበጅም። ደራሲው ጽሑፉን ለቋንቋ አራሚ ሰጥቶ ይመልሳል፤ አራሚውም «እንደ መጣ» የተመደበውን ሳያውቅ «በዕጣ» አድርጎ ያሳምረዋል። ያን ጊዜ ስሕተቱ ባማረ ቋንቋ ተሸፍኖ ይታተማል። የገምጋሚው ሪፖርት በሦስት ክፍል ቢጻፍ ይህ አደጋ ይቀንሳል፦ ትርጉሙ ግልጽ ሆኖ አገላለጹ ብቻ የተበላሸው፣ ትርጉሙ ስላልተለየ ደራሲው መልስ ሊሰጥበት የሚገባው፣ በማናቸውም ቋንቋ ቢጻፍ ጉድለት የሚሆነው። ጥናት ተቀባይነት እንዳያገኝ የሚያደርገው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ ሁለተኛውም መልስ እስኪያገኝ ፍርድን ያቆያል።

በእጅ ጥናቱ ላይ ከኅትመት በፊት ይህ አልተደረገም፤ ከኅትመትም በኋላ አልተሟላም። በመጀመሪያ አንድ ቃል ሳይታይ አለፈ፤ ቀጥሎም ያው ቃል ከሳይንሳዊው ጥያቄ ጋር ተቀላቅሎ ተፈረደበት።