ሁለት ምስክሮች በአንድ ጫካ
«ባምቢ» በተሰኘው ፊልም የመክፈቻ ትዕይንት ላይ የቀረበ ሂስ

የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1942 ለሕዝብ ያቀረበው «ባምቢ» የተሰኘ የአኒሜሽን ፊልም የሚጀምረው በአጋዘኑ ሳይሆን በጫካው ነው። ንጋቱ ገና አልጠራም። ካሜራው ሳይቸኩል በዛፎች መካከል ወደ ጎን ይጓዛል። በቅርብ ያሉት ግንዶች ጠቆር ብለው ያልፋሉ፤ ከኋላቸው ያሉት ዘግየት ይላሉ፤ የሩቆቹ ደግሞ በጭጋግ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። ጉጉቱ ወደ ማደሪያው ሲመለስ የምናየው ከዚህ በኋላ ነው። የምናየው ሁሉ በጠፍጣፋ ነገር ላይ የተቀባ ሥዕል ቢሆንም ተመልካቹ «ጫካ ውስጥ ገባሁ» ይላል እንጂ «ሥዕል እያየሁ ነው» አይልም። ይህ እምነት ከየት መጣ? ብዙዎች መልሱን በካሜራው ውስጥ ይፈልጉታል። እኔ ግን ካሜራው የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው እላለሁ።

በአውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የተጓዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የመንገድ ዳር የመብራት ምሰሶ ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ እርሻው ቀስ ይላል፤ የሩቁ ተራራ ግን አብሮን የሚጓዝ ይመስላል። ዓይናችን ከዚህ የፍጥነት ልዩነት ርቀትን ያነባል። ስሙ ፓራላክስ ነው። ነገር ግን ዓይን የርቀት ምስክር አድርጎ የሚሰማው ፍጥነትን ብቻ አይደለም። ተራራው ሰማያዊ መሆኑ፣ ዝርዝሩ መጥፋቱና በጨለማውና በብርሃኑ መካከል ያለው ልዩነት መሳሳቱም «ሩቅ ነው» ብለው ይመሰክራሉ። እንግዲህ ሁለት ምስክሮች አሉን፤ አንዱ ቅቡ ሲሆን ሌላው እንቅስቃሴው ነው። የሁለቱ ቃል ሲስማማ ትዕይንቱ ይታመናል፤ ሲለያይ ግን ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም «ካርቶን ነው» ብሎ ይፈርዳል።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ሥዕሎችን በተለያየ ከፍታ በተደረደሩ መስታወቶች ላይ አስቀምጦ ከላይ መቅረጽን ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር እ.ኤ.አ. በ1926 በወጣው «የልዑል አክመድ ጀብዱዎች» በተባለው ፊልሟ ተጠቅማበታለች። ዲዝኒ ደግሞ መልቲፕሌን የተባለውን ትልቅ ካሜራውን እ.ኤ.አ. በ1937 «አሮጌው ወፍጮ» በተሰኘ አጭር ፊልም ላይ አሳየ። ዋልት ዲዝኒ ራሱ ኋላ በቴሌቪዥን ሲያስረዳ የጨረቃን ምሳሌ ተጠቅሟል። አንድ ቤትና ጨረቃ በአንድ ወረቀት ላይ ተስለው ካሜራው ሲቀርባቸው ጨረቃዋም ከቤቱ ጋር አብራ ታድጋለች። በእውነተኛው ዓለም ግን ወደ ቤት ብንቀርብ ጨረቃ አታድግም። ቤቱና ጨረቃዋ በተለያየ ንብርብር ላይ ሲሆኑ ግን ጨረቃዋን ባለችበት ትቶ ቤቱን ብቻ ማቅረብ ይቻላል። የመሣሪያው ጥቅም በአጭሩ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ «ባምቢ»ን ከሌሎቹ የለየው መሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያውማ በ«በረዶዋ ነጭ»ም ላይ አገልግሏል። ልዩነቱ የመጣው ታይረስ ዎንግ ከተባለ ሠዓሊ ነው። ዎንግ በቻይና ተወልዶ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ወደ አሜሪካ የመጣ ሰው ነው። ወደ ስቱዲዮው የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን ሥራውም በዋና ዋና ሥዕሎች መካከል ያሉትን መሸጋገሪያ ሥዕሎች መሙላት ነበር። ለ«ባምቢ» መጀመሪያ የተዘጋጁት የጫካ ሥዕሎች ቅጠል በቅጠል የተዘረዘሩ ስለነበሩ አጋዘኖቹ በመካከላቸው ይጠፉ ነበር። ዎንግ ከጥንታዊው የቻይና የመልክዓ ምድር ሥዕል የተማረውን ይዞ፣ መሀሉ ብቻ ጠርቶ ዙሪያው በጭጋግ የሚሟሟ ጫካ ቀባ። የፊልሙም መልክ በዚያው ተወሰነ። ስሙ ግን በፊልሙ ላይ የሰፈረው ከጀርባ ሥዕል ሠዓሊዎች እንደ አንዱ ብቻ ነበር።

ይህ የቅብ ምርጫ ለካሜራው ምን እንዳደረገለት ልብ እንበል። በዝርዝር የተሞላ ንብርብር ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ይታያል፤ እያንዳንዱ ቅጠል በአንድ ፍጥነት መሄዱ «አንድ ወረቀት ነኝ» ብሎ ያጋልጠዋል። ጠርዙ የለሰለሰ፣ ታችኛው ክፍሉም በጭጋግ የተዋጠ ንብርብር ግን የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። ዎንግ ዝርዝሩን ሲተው ውበት ብቻ አልጨመረም፤ የመጀመሪያው ምስክር ሁለተኛውን እንዳይቃረን አደረገ።

አሁን ነገሩን በአንድ ትዕይንት እንፈትነው። አንዲት ልጅ በገጠር መንገድ ትሄዳለች እንበል፤ ካሜራውም ለ6 ሰከንድ አብሯት ይጓዛል። ምስሉ 1920 ፒክስል ስፋት አለው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሆነ በጠቅላላው 144 ፍሬም ነው። ልጅቷ ከካሜራው 10 እርምጃ ትርቃለች፤ ከኋላዋ በ20 እርምጃ ዛፎች፣ በ100 እርምጃ ኮረብታ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ አለ። ከፊቷ ደግሞ በ5 እርምጃ ቁጥቋጦ አለ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ልጅቷ የምትረግጠው መንገድ በአንድ ፍሬም 10 ፒክስል ቢንሸራተት ዛፎቹ 5፣ ኮረብታው 1፣ ቁጥቋጦው 20 ፒክስል ይሄዳሉ። ሰማዩ አይንቀሳቀስም።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሠዓሊው ምን ያህል ስፋት መቀባት እንዳለበት ወዲያው ይታወቃል። መንገዱ በ144 ፍሬም 1440 ፒክስል ስለሚሄድ ከምስሉ ስፋት ጋር ተደምሮ 3360 ፒክስል መቀባት አለበት። ዛፎቹ 2640 ፒክስል ሲበቃቸው ኮረብታው ከ2064 አያልፍም። ቁጥቋጦው ግን 4800 ይፈልጋል። ብዙ ጀማሪ ሠዓሊ ግን ሥራውን በኮረብታው ላይ አፍስሶ ፊት ለፊት ያለውን ያሳጥረዋል፤ በትዕይንቱ መጨረሻም የቁጥቋጦው ጫፍ ተቆርጦ ይታያል።

እግሯም ከዚሁ ቁጥር ጋር መስማማት አለበት። አንድ እርምጃዋ 12 ፍሬም ቢወስድ መንገዱ በዚያ ጊዜ 120 ፒክስል ያልፋል። ስለዚህ እርምጃዋ ልክ 120 ፒክስል መሆን አለበት። ቢያጥር ወይም ቢረዝም መሬት የነካው እግር በበረዶ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል።

በወጣቶች አጫጭር ሥራዎች ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት ግን ከዚህ ይለያል። ሠሪው ንብርብሮቹን በእኩል ደረጃ ይከፋፍላቸዋል፤ መንገዱ 10 ፒክስል፣ ዛፉ 8፣ ጎጆው 6፣ ጫካው 4፣ ተራራው 2። ሲያዩት ሥርዓት ያለው ይመስላል። ነገር ግን 2 ፒክስል የሚሄድ ተራራ በእኛ ሕግ ከካሜራው 50 እርምጃ ብቻ የራቀ ነው። ቅቡ «ታላቅና ሩቅ ተራራ ነኝ» ሲል ፍጥነቱ «ከጎረቤት ግቢ ያለሁ የአፈር ክምር ነኝ» ይላል። መፍትሔው ንብርብር መጨመር አይደለም፤ የእያንዳንዱን ነገር ርቀት አስቀድሞ ወስኖ ፍጥነቱን ከርቀቱ ማውጣት ነው። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ደግሞ ንብርብሮቹን ለየብቻ ከማንቀሳቀስ ሁሉንም ከአንድ ካሜራ ጋር ቢያስራቸው ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም አብረው ይነሣሉ፤ አብረውም ይቆማሉ። አለዚያ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሲቆም ዓለሙ የተናጋ ይመስላል።

ሌላው ጥንቃቄ የተሸፈነውን መቀባት ነው። በምሳሌያችን ዛፎቹ 720፣ ኮረብታው 144 ፒክስል ስለሚሄዱ በመካከላቸው የ576 ፒክስል ልዩነት ይፈጠራል። በመጀመሪያው ፍሬም ከዛፍ በስተጀርባ የተሸሸገ ኮረብታ ቀስ በቀስ ይገለጣል። «እዚህ አይታይም» ተብሎ ያልተቀባ ቦታ ካለ በመሀል ባዶ ሆኖ ይወጣል።

ዘዴው ወሰን እንዳለውም መናገር ተገቢ ነው፤ «ባምቢ»ም ከዚህ ወሰን አላመለጠም። እያንዳንዱ ንብርብር ጠፍጣፋ ስለሆነ ስናልፈው አይዞርም። ከእውነተኛ ዛፍ አጠገብ ስናልፍ የግንዱ ጎን እየተገለጠልን ይሄዳል፤ የተቀባው ግንድ ግን ከገባበት እስከሚወጣበት ያንኑ ፊቱን ያሳየናል። በመክፈቻው ትዕይንት አንድ ቅርብ ግንድ መርጦ በዓይኑ የሚከተል ሰው ይህን ያስተውላል። ጉዞው ረጅም መሆኑም ለማስተዋል ጊዜ ይሰጣል። ግንዶቹ መጥቆራቸው ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም። መሬትም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። መሬት ከእግራችን ሥር ጀምሮ ሳይቋረጥ እስከ አድማስ ይዘረጋል፤ ንብርብር ግን አንድ ፍጥነት ብቻ አለው። ስለዚህ ንብርብሮች የሚገናኙበትን መስመር በሣር፣ በቁጥቋጦ ወይም በጭጋግ መሸፈን ግድ ይሆናል። ጫካ ለዚህ ይመቻል፤ ገላጣ ሜዳ ግን ይህን ዘዴ አይወድም።

እነዚህ ጉድለቶች እያሉም የ«ባምቢ» መክፈቻ እስከ ዛሬ የሚታመን ነው። ለምን እንደሚታመን ለማወቅ ማንም ሰው በራሱም ሥራ ላይ ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። መጀመሪያ ትዕይንቱን በአንድ ፍሬም ላይ አቁመን ቅቡ ብቻውን ሲመሰክር እንስማ፤ የቱ ቅርብ፣ የቱ ሩቅ እንደሆነ ሳይንቀሳቀስ ይታወቃል? ቀጥሎ ንብርብሮቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ግራጫ ቀለም ሞልተን እናንቀሳቅሳቸው፤ በዚህ ጊዜ የሚመሰክረው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ሁለቱ መልሶች አንድ ካልሆኑ ስሕተቱ የትኛው ንብርብር ላይ እንዳለ ወዲያው ይገኛል። የዎንግን ጫካ በየትኛውም ፍሬም ላይ ብናቆመው ርቀቱ አስቀድሞ በቀለሙ ውስጥ አለ። ካሜራው የመጣው ቅቡ የተናገረውን ሊያጸና ነው።