ከታየው ክልል አልፎ የሚሄድ መስመር፤ በከፋ ጫካ ቡና ትንበያ አነባበብ ላይ የቀረበ ሂስ

በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) አሮን ዴቪስ፣ ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ፣ ሱዛና ባኤናና ጀስቲን ሞት የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የአየር ንብረት ለውጥ በዱር በሚበቅለው የአረቢካ ቡና ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በጥናቱ መሠረት እስከ 2080 እ.ኤ.አ. ድረስ ቡናው ከሚገኝባቸው ቦታዎች መካከል ተስማሚነታቸውን የሚያጡት ቢያንስ 65 ከመቶ፣ ቢበዛ ደግሞ ወደ 100 ከመቶ የተጠጉ ይሆናሉ። በመሬት ስፋት ሲለካ ቅነሳው ከ38 እስከ 90 ከመቶ ይደርሳል። የቦንጋና የአካባቢዋ ጫካዎች የዱር ቡና ዋነኛ መገኛ በመሆናቸው፣ አኃዞቹ የከፋን ዞን መምህራንና የፕላን ባለሙያዎች በቅርብ የሚመለከቱ ናቸው። የዚህ ሂስ ዓላማ ጥናቱን ማጣጣል ሳይሆን፣ ከእነዚህ አኃዞች ውስጥ የትኛው ክፍል ከታየ ማስረጃ፣ የትኛው ደግሞ ከመስመሩ ቅርጽ ብቻ እንደሚመነጭ ለይቶ ማሳየት ነው።

የጥናቱ መሣሪያ ማክስኤንት የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ቡናው የተገኘባቸውን ቦታዎች የአየር ጠባይ ከሌሎች ቦታዎች የአየር ጠባይ ጋር በማነጻጸር፣ ሙቀትና ዝናብ ለቡናው ያላቸውን ተስማሚነት የሚያሳይ መስመር ይሠራል። ቡና ብርድም ሆነ ሙቀት ሲበዛበት ስለማይወድ መስመሩ ቀጥ ያለ ሊሆን አይችልም። ስለሆነም ፕሮግራሙ ከቀጥተኛው መስመር ሌላ፣ የሙቀቱን ካሬ የሚጨምር የፖሊኖሚያል ቃልና በቋጠሮዎች ላይ የሚታጠፍ ቁርጥራጭ መስመር የመጠቀም አማራጭ አለው። ይህ የመጨረሻው ስፕላይን ከሚባሉት መስመሮች ቀላሉ ዓይነት ነው።

የሦስቱን ልዩነት ለማየት፣ ለመማሪያ ብቻ የተዘጋጁ አምስት ቁጥሮችን እንውሰድ። አማካይ ሙቀቱ 16፣ 18፣ 20፣ 22 እና 24 ዲግሪ ለሆነባቸው ቦታዎች፣ የቡናው ተስማሚነት እንደ ቅደም ተከተላቸው 20፣ 70፣ 90፣ 80 እና 40 ነጥብ ተሰጥቶታል እንበል። ስሌቱን ለማቅለል x = (ሙቀት − 20) ÷ 2 ብንል፣ ለቁጥሮቹ ይበልጥ የሚቀርበው ቀጥተኛ መስመር y = 60 + 5x ይሆናል። ከታዩት ነጥቦች ላይ የዚህን መስመር ግምት ብንቀንስ −30፣ 15፣ 30፣ 15 እና −30 እናገኛለን። ልዩነቶቹ በሁለቱ ጫፎች ዝቅ፣ በመካከል ከፍ ማለታቸው ግንኙነቱ ጎባጣ ለመሆኑ በቂ ምልክት ነው። የካሬውን ቃል ስንጨምር ቀመሩ y = 90 + 5x − 15x² ይሆንና በአምስቱም ነጥቦች ላይ በትክክል ያልፋል። በ18፣ በ20 እና በ22 ዲግሪ ላይ ቋጠሮ ያለው ስፕላይንም እንዲሁ አምስቱንም ይነካል።

በታዩት አምስት ነጥቦች ላይ እንግዲህ ፓራቦላውና ስፕላይኑ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ልዩነቱ የሚገለጠው ከ24 ዲግሪ አልፈን ስለ 26 ዲግሪ ስንጠይቅ ነው። ቀጥተኛው መስመር 75 ነጥብ ይሰጣል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ቡናው ይሻለዋል ማለቱ ነው። ፓራቦላው ትርጉም የሌለው −30 ላይ ይደርሳል። ስፕላይኑ የመጨረሻውን ቁልቁለት ሳይለውጥ ስለሚቀጥል 0 ይላል። አንዳንድ ጊዜ እንደሚደረገው መስመሩ ከመጨረሻው የታየ ነጥብ በኋላ ባለበት እንዲቆም ከተደረገ ደግሞ መልሱ 40 ይሆናል። አምስቱ ቁጥሮች ከእነዚህ መልሶች መካከል ሊመርጡልን አይችሉም፤ ስለ 26 ዲግሪ የያዙት አንዳች ማስረጃ የለምና።

ፓራቦላው ሌላም ድክመት አለው። በቀዝቃዛው ጫፍ፣ በ16 ዲግሪ የተሰጠውን 20 ነጥብ ወደ 50 ብንለውጥና መስመሩን እንደገና ብናሰላ፣ የ26 ዲግሪው ግምት ከ−30 ወደ −12 ይሸጋገራል። በብርድ የታየው ነገር የሙቀቱን ትንበያ ለወጠ ማለት ነው። ይህም የሆነው አንድ ቀመር መላውን ክልል ስለሚገዛ፣ አንዱ ጫፍ ሲነካ ሌላው ስለሚናወጥ ነው። የስፕላይኑ ግምት ግን በ0 ይጸናል፤ ቋጠሮዎቹ ለውጡን በቦታው ያስቀሩታልና። ስለዚህ በታየው ክልል ውስጥ ስፕላይን ብዙ ጊዜ የተሻለ መሣሪያ ነው። ከክልሉ ውጪ ግን የእርሱም ጭራ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

አሁን ወደ ከፋ እንመለስ። ወደ ላይ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በግምት በ0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለሆነም የ2 ዲግሪ የሙቀት ጭማሪ ወደ 330 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ከመገኘት ጋር ይመጣጠናል። ዛሬ 18 ዲግሪ የሆነ ደጋማ ጫካ ነገ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ስለ ዕጣው የሚመሰክር 20 ዲግሪ የሆነ ጫካ ከበታቹ አለ። በዚህ ጊዜ ትንበያው በታየው ክልል ውስጥ የሚደረግ ስለሆነ ሊታመን ይችላል። የዱር ቡና በሚገኝበት የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለው ጫካ ግን 2 ዲግሪ ሲጨመርበት፣ ከበታቹ ምስክር የሚሆን የቡና ጫካ አያገኝም። ከመቶ ይህን ያህል ይጠፋል የሚለው አንድ አኃዝ እነዚህን ሁለት ዓይነት አነጋገሮች ሳይለይ ይደምራቸዋል።

ፕሮግራሙ ቡና የሌለባቸውን ሞቃት ቆላዎችም ለንጽጽር ስለሚወስድ ሙቀቱ ታይቷል ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ክርክሩ በከፊል ትክክል ነው። ሆኖም ቆላው ከሙቀቱ ሌላ ደረቅና ጥላ የሌለው ሊሆን ስለሚችል፣ ቡናው የጠፋው በሙቀት ብቻ ነው ለማለት አያስችልም። ሙቀቱ ለብቻው፣ ዝናቡም ለብቻው የታዩ ቢሆኑም፣ ሞቃትና እርጥብ የሆነ የአየር ጠባይ በአንድነት ካልታየ ትንበያው አሁንም ከክልሉ ውጪ ነው። እያንዳንዱን መለኪያ ለየብቻው የሚመረምር ሰው ይህን ስውር መሻገር ሊያየው አይችልም።

ስለሆነም እንዲህ ያለ ትንበያ ለዕቅድ ከመዋሉ በፊት ሦስት ነገሮች ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛው፣ ከተተነበየው ቦታ ምን ያህሉ ከታየው የአየር ጠባይ ውስጥ፣ ምን ያህሉስ ከውጪ እንደሆነ በካርታ ተለይቶ መቅረቡ ነው። ሁለተኛው፣ በመስመሩ ሥራ ላይ እጅግ ሞቃቶቹ ቦታዎች ሆን ተብለው ተትተው፣ መስመሩ እነርሱን አስቀድሞ ለመተንበይ መቻሉ መፈተኑ ነው። ሦስተኛው፣ በፓራቦላና በስፕላይን የተገኙት መልሶች የት ላይ እንደሚለያዩ መታየቱ ነው። የሚለያዩበት ቦታ ማስረጃው ያለቀበትን ወሰን ይጠቁማልና። መስማማታቸው ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ጥናቱ ቡናው በሙቀት ምክንያት አደጋ ላይ መሆኑን ማመልከቱን ይህ ሂስ አይቃወምም። ደጋማው ጫካ ወደፊት ለቡናው መሸሸጊያ እንደሚሆን የሚናገረው ክፍል በታየ ማስረጃ ላይ ስለሚቆም፣ የከፋ ደጋ ጫካዎችን የመጠበቅ ዕቅድ ሊመሠረትበት ይችላል። ዝቅተኛው ዳርቻ ፈጽሞ ይጠፋል በሚለው ክፍል ላይ ተመሥርቶ ግን የዚያን ቦታ ጫካ ከወዲሁ ለሌላ አገልግሎት ማዋል አይገባም። ሙቀትን የሚቋቋም የቡና ዝርያ ቢኖር የሚጠበቀው በዚያው ዳርቻ ስለሆነ፣ ስፍራው በየዓመቱ እየተለካ ሊጠና ይገባዋል። ዛሬ ከክልሉ ውጪ የሆነውን ሙቀት ነገ ወደ ታየው ክልል የሚያስገባው ይኸው ልኬት ነው።