የውጫሌ ውል ከዓድዋ በኋላ? በግድግዳው የጊዜ መስመር ላይ የተሰጠ አስተያየት

በቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የጊዜ መስመር አይተነዋል። መጽሐፍ ስለማይበቃ ተማሪዎቹ ከአንድ የአማርኛና ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለ ዓድዋ የሚናገሩትን ገጾች በሞባይል ፎቶ አንስተው ነው የሠሩት። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ ክፍተቱም በዓመቱ ልክ በማስመሪያ ተለክቷል። ነገር ግን መስመሩ የዓድዋን ጦርነት 1888 ላይ፣ የውጫሌን ውል 1889 ላይ አስቀምጧል። ጦርነቱን ያመጣው ውል ከጦርነቱ በኋላ ተፈረመ ማለት ነው!

ስህተቱ ከየት መጣ? ፎቶዎቹን ተራ በተራ አየናቸው። የእንግሊዝኛው ገጽ ውጫሌን 1889 ይላል፣ ትክክል ነው። የአማርኛው ገጽ ደግሞ 1889 የሚለው ጣልያን ከተሸነፈች በኋላ የተፈረመውን የአዲስ አበባ ውል ነው፣ እሱም ትክክል ነው። አንዱ በፈረንጆች፣ ሌላው በኛ አቆጣጠር ስለሆነ ውጫሌና ውጫሌን የሻረው ውል አንድ ዓመት ላይ ተደራረቡ። መጽሐፉ አቆጣጠሩን የሚናገረው በምዕራፉ መግቢያ ላይ ብቻ ነው፣ ያ ገጽ ደግሞ ፎቶ አልተነሣም።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 እንጨምራለን። እንሞክረው፦

ውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 – 1889 እ.ኤ.አ.
አምባላጌ፣ ኅዳር 28 ቀን 1888 – 1895 እ.ኤ.አ.
ዓድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 – 1896 እ.ኤ.አ.
የአዲስ አበባ ውል፣ ጥቅምት 17 ቀን 1889 – 1896 እ.ኤ.አ.

አምባላጌና ዓድዋ በኛ አንድ ዓመት ናቸው፣ በፈረንጆቹ ግን ሁለት። ዓድዋና የአዲስ አበባ ውል ደግሞ የተገላቢጦሽ። ስለዚህ ወሩ ካልታወቀ መለወጥ አይቻልም፤ ገጹ «በ1888» ብቻ ካለ 1895/96 ብሎ መተው ይሻላል እንጂ መገመት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉድለት ከፎቶው ነው። አንዱ ገጽ «በዚሁ ዓመት» ብሎ ይጀምራል። ዓመቱ ያለው በፊተኛው ገጽ ግርጌ ነው፣ ተማሪዎቹ ግን ፎቶዎቹን በተነሡበት ሰዓት ስለደረደሩ ሌላ ገጽ መሃል ገባና ዓመቱ ከሌላ ታሪክ ተወሰደ። የገጹ ቁጥር በፎቶው ውስጥ ቢገባ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። መጽሐፉ በተሰፋበት በኩል ጥላ ያረፈባቸው አኃዞችም አሉ፤ 8 እና 9 እዚያ ጋ አይለዩም። እንዲህ ያለውን አኃዝ በጥያቄ ምልክት ጽፎ መጽሐፉ ሲገኝ ማየት ነው።

መስመሩ ይቀደድ አንልም። በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር የመጽሐፉ ስም፣ ገጹና አቆጣጠሩ ይጻፍበት። ከዚያም ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብን «ይሄ ያንን ሊያመጣ ይችላል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ውጫሌን ያጋለጠችብን ይህችው ጥያቄ ናት።