የትኛው ዲያሜትር?

«ጋሼ፣ ለብረት ስንት ዙር ነው የምከፍተው?» ወደ ፍሬዛ ክፍል የሚመጣ አዲስ ልጅ ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። በቅርቡ የጠየቀኝ ልጅ የኮሌጅ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ነበር። ፎርሙላውን ያውቀዋል፣ ማስላትም አያቅተውም፤ ማሽኑ ፊት ሲቆም ግን ወደ አፉ የመጣለት ዙር ብቻ ነው። በአጠገባችን የነበሩት አንጋፋ ባልደረባዬ፣ ዕድሜያቸውን በቶርኖና በፍሬዛ የጨረሱ ሰው፣ «ክፈተውና ስማው፤ ጆሮህ ይነግርሃል» አሉት። እኔ ከእሳቸው ጋር በብዙ ነገር እስማማለሁ፤ በዚህ ግን ተስማምቼ አላውቅም፣ አልስማማምም።

ብረት የራሱ ዙር የለውም። ያለው የሚችለው የቆረጣ ፍጥነት ነው፤ ማለትም የካተሩ ጥርስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብረቱን እየቆረጠ የሚሄደው ርቀት በሜትር ሲለካ። በሃይ ስፒድ ስቲል ካተር ለስላሳ ብረት ሲቆረጥ ሰንጠረዦች 25 ሜትር በደቂቃ አካባቢ ይሰጣሉ። ዙሩ ከዚያ የሚወጣ ነው፦

n = (Vc × 1000) ÷ (π × D)

ለልጁ ይህን ደግሜ አልነገርኩትም፤ በደብተሩ አለ። በወረቀት ላይ ሁለት ካተሮች ብቻ ጻፍኩለት። አንደኛው 16 ሚሊሜትር የሃይ ስፒድ ስቲል ኢንድ ሚል ነው፤ በ25 ሜትር ስናሰላው 497 ዙር ይወጣል። ሁለተኛው የካርባይድ ጥርስ የተገጠመለት 80 ሚሊሜትር ፌስ ሚል ነው፤ በ120 ሜትር 477 ዙር ይወጣል። በማሽኑ ማርሽ ሁለቱም 500 ላይ ይገባሉ። ብረቱ አንድ፣ ዙሩ አንድ፤ የአንዱ ጥርስ ግን ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል ይፈጥናል። እንግዲህ ለዚህ ብረት «500 ዙር» ማለት ምን ማለት ነው? አሁን ያው ማሽን 500 ላይ እንዳለ ፌስ ሚሉን አውጥተን በምትኩ 80 ሚሊሜትር የሃይ ስፒድ ስቲል ካተር እንግጠም። ጥርሱ በ125 ሜትር ይሄዳል። ሃይ ስፒድ ስቲል ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ጥንካሬው ይከዳዋል፤ የጥርሶቹ ጫፍ ይጠቁራል፣ ይዶለዱማል፣ ከዚያ በኋላ መቁረጡን ትቶ ብረቱን ማሸት ይጀምራል።

ለሃይ ስፒድ ስቲልና ለለስላሳ ብረት በቃል የሚያዝ ቁጥር አለ፤ 8000ን ለዲያሜትሩ ማካፈል። ለ8 ሚሊሜትር 1000፣ ለ16 ሚሊሜትር 500፣ ለ80 ሚሊሜትር 100። እጄ ዘይት ሲሆን የምጠቀመው ይህንን ነው። ታዲያ 100 ዙር የሚባል ማርሽ በማሽኑ ላይ የለም። የእኛ ማሽን 45፣ 63፣ 90፣ 125፣ 180 እያለ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ማርሽ ከበፊቱ 1.4 እጥፍ ገደማ ነው። 90 ይሻላል ወይስ 125? ጆሮን ብንጠይቅ ሁለቱም ደህና ናቸው ይለናል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካተሩ በሁለቱም ያለ ጩኸት ይቆርጣል። ልዩነቱ የሚታየው ከሰዓት በኋላ ነው።

መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፍሬደሪክ ቴይለር የሚባለው አሜሪካዊ ለ26 ዓመት የቆየ ሙከራ አድርጎ ውጤቱን በ1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለአገሩ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። ለዚያ ሙከራ ሲባል ከ360 ቶን በላይ ብረት ተቆርጦ ፍቅፋቂ ሆኗል። ያገኘው ግንኙነት አጭር ነው፦

V × Tⁿ = C

V የቆረጣ ፍጥነት ነው፣ T ደግሞ ጠርዙ እስኪዶለዱም ያለው ዕድሜ። እዚህ n የዙር ምልክት አይደለም፤ እንደ ካተሩ ዓይነት የሚለያይ ቁጥር ሲሆን ለሃይ ስፒድ ስቲል 0.125፣ ማለትም አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። ይህ ማለት ፍጥነቱ ሲጨምር ዕድሜው በስምንተኛ ኃይል ይቀንሳል። 80 ሚሊሜትሩን ካተር በ125 ዙር ብናስኬደው ፍጥነቱ ወደ 31 ሜትር ይወጣል፣ ከታሰበው በሩብ መብለጡ ነው። የካተሩ ዕድሜ ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። በ90 ዙር ብናስኬደው የምንከስረው ከጊዜው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የቴይለር ሙከራ በቶርኖ በአንድ ጥርስ የተደረገ ነው፤ በፍሬዛ ጥርሱ በየዙሩ እየገባ እየወጣ ስለሚመታ ቁጥሩ በትክክል እንደዚህ አይወጣም። አቅጣጫው ግን አይለወጥም፤ ስለዚህ በሃይ ስፒድ ስቲል ሁልጊዜ ወደ ታችኛው ማርሽ ነኝ። ፊዱንም አብሬ አወርደዋለሁ፣ አለበለዚያ እያንዳንዱ ጥርስ ከድርሻው በላይ ይጎርሳል።

እስካሁን የተናገርኩት ግን ከባዱ ክፍል አይደለም። ሰው ሁሉ በፎርሙላው የሚጣላው በቆረጣ ፍጥነቱ ላይ ነው፤ 25 ነው፣ 30 ነው እያለ። እኔ የማተኩረው በ D ላይ ነው። የትኛው ዲያሜትር? ልጆቹ በካተሩ አንገት ላይ የተጻፈውን ያስገባሉ። ፎርሙላው የሚፈልገው ግን በዚያች ሰዓት ብረቱን ከሚነካው የካተሩ ክፍል ሰፊውን ዲያሜትር ነው። በተራ ኢንድ ሚል ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ስህተቱ ተደብቆ ይኖራል። ቦል ኖዝ በሚባለው፣ ጫፉ ድቡልቡል በሆነው ካተር ላይ ግን ይወጣል።

ባለ 12 ሚሊሜትር ቦል ኖዝ የፕላስቲክ ሻጋታ ለመጨረስ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ጠልቆ ይቆርጣል እንበል። ብረቱን የሚነካው የድቡልቡሉ ጫፍ ነው። የሚነካው ዲያሜትር እንዲህ ይወጣል፦

Deff = 2 × √(ap × (D − ap))

ap ጥልቀቱ ነው። ግማሽ ሚሊሜትርና 12 ሚሊሜትር ስናስገባ 4.8 ሚሊሜትር ይወጣል። በተጻፈው 12 ያሰላ ሰው ለለስላሳ ብረት በሃይ ስፒድ ስቲል 663 ዙር ይከፍታል። በዚያ ዙር የሚቆርጠው ክፍል በደቂቃ የሚሄደው 10 ሜትር ብቻ ነው። ትክክለኛው 1,660 ዙር አካባቢ ነው።

ታዲያ በ663 ዙር ምን ይሆናል? ካተሩ አይቃጠልም፣ አይጮህምም። ብረቱ በዝግታ ሲቆረጥ ትንሽ ትንሽ እየተበየደ በጠርዙ ላይ ይከመራል፤ ክምሩ ሲላቀቅ የሥራውን ገጽ ይቀድደዋል። የሻጋታው ወለል ሻካራና የተቧጠጠ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ጆሮ የሚያስተው። ሠራተኛው ሻካራውን ገጽ ያይና «ፈጠነብኝ» ብሎ ማርሹን ያወርዳል፤ ይብስበታል፤ እንደገና ያወርዳል። ጠርዙን በማጉያ መነጽር ቢያየው የተጣበቀውን ብረት ያገኘው ነበር፣ መድኃኒቱም ዙር መጨመር መሆኑን ያውቅ ነበር። በተቃራኒው ያው ካተር በ1,660 ዙር ላይ እንዳለ 6 ሚሊሜትር እንዲጠልቅ ከተደረገ ሙሉ 12 ሚሊሜትሩ ይነካል፣ ፍጥነቱም ከ62 ሜትር ያልፋል። በአንድ ካተር፣ በአንድ ብረት፣ በአንድ ቀን ሁለት የተለያዩ ዙሮች ትክክል ናቸው። የድቡልቡሉ መሐል ነጥብ ደግሞ በየትኛውም ዙር አይንቀሳቀስም፤ ማሽኑ ከፈቀደ ጭንቅላቱን ማዘንበልና በጎኑ መቁረጥ ይሻላል።

ይህን አጥብቄ የምይዘው የሒሳብ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። እኔ ሥራ በተማርኩበት ጊዜ ዙር የመምህሩ ነበር። እሳቸው መጥተው ማርሹን ያስገባሉ፣ እኛ እጀታ እናዞራለን። ለምን ይህን ማርሽ እንዳስገቡ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር፣ እሳቸውም ቢጠየቁ የሚሉት «ልምድ ነው» ብቻ ነበር። ፎርሙላውን በተማርኩ ጊዜ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ በቁጥር ማነጋገር መቻሌ ነበር። «መምህር፣ ካተሩ 80 ነው፣ ይህ ማርሽ 40 ሜትር ያደርሰዋል» ብዬ ስናገር ድፍረት አልሆነም። እሳቸውም ወረቀቱን አይተው ማርሹን ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሙያ የእኔም እንደሆነ ተሰማኝ። አሁን ልጆቹን ጆሯቸውን ብቻ እንዲያምኑ ስንነግራቸው ያንን በር እየዘጋንባቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

የባልደረባዬ እውነት ያለው በሌላ ቦታ ነው፤ ስሌቱ ትክክል ሆኖ የገባው ቁጥር ግምት ሲሆን። እኛ ዘንድ ብረት ከነወረቀቱ አይመጣም። የሚመጣው የእህል ወፍጮ ሻፍት ነው፤ ምናልባት ከከባድ መኪና አክስል የተሠራ፣ የኩሽኔታው ቦታ አልቆ በብየዳ የተሞላ፣ ቺያቬታው የሚቀመጥበት ቦይ የተበላ። ባለቤቱ ከገጠር ይዞት መጥቶ በራችን ላይ ይቀመጣል፤ ወፍጮው ቆሞ መንደሩ ዱቄት እየጠበቀ ነው። ከሁሉ ሥራ ይህን እወዳለሁ።

መጀመሪያ በሞረድ እነካዋለሁ። ሞረዱ በደንብ ከነከሰ ለስላሳ ነው፤ ብየዳው ላይ ሲደርስ ከተንሸራተተ 25 ሜትርን እረሳለሁ። ለቦዩ 8 ሚሊሜትር ካተር እይዛለሁ፣ 15 ሜትር እገምታለሁ፤ 597 ይወጣል፣ ማርሹን 500 ላይ አስገባለሁ። ከዚያ አያለሁ። በሃይ ስፒድ ስቲል የሚወጣው ፍቅፋቂ ብርማ ወይም ቀለል ያለ የገለባ ቀለም ከያዘ ደህና ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ጠርዙ እየሞተ ነው። በካርባይድ ያለ ውሃ ሲቆረጥ ሰማያዊ ፍቅፋቂ የተለመደ ነው፣ ይህን ከዚያ ጋር መቀላቀል አይገባም። አንድ ጊዜ ቦዩን ዳር እስከ ዳር ከሄድኩ በኋላ ማሽኑን አቁሜ፣ ካተሩ ሲበርድ የጥርሱን ጠርዝ አያለሁ። እንደተሳለ ካለ 710 ላይ አስገባና እቀጥላለሁ፤ ፍጥነቱ ወደ 18 ሜትር ይደርሳል። ጫፉ ካበራ ግን ብየዳው ካሰብኩት የጠነከረ ነው ማለት ነው፤ ወደ 355 አውርጄ፣ ካተሩን ለውጬ እንደገና እጀምራለሁ።