ክቡ ቅጠል፤ ስለ ልጅነት ትዝታ አጻጻፍ

ለንባብ በሚቀርቡት የልጅነት ትዝታዎች በብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ድክመት ይታያል። ደራሲው ያደገበትን ሰፈር ይጠቅሳል፤ የጎረቤቱን ፍቅር ያወሳል፤ የቡናውን፣ የዝናቡንና የበዓሉን ነገር በተርታ ይደረድራል፤ በመጨረሻም ያለፈው ጊዜ እንደማይመለስ ተናግሮ ይተክዛል። አንባቢው የሚቃወመው ሐሳብ የለም። ይሁን እንጂ መጽሔቱን ካጠፈ በኋላ በዐይነ ኅሊናው የሚቀርለትም ነገር የለም። ሰፈሩን ከአዲስ አበባ ነቅሎ ደሴ ወይም ጅማ ላይ ቢተክለው ከጽሑፉ የሰፈሩን ስም እንጂ ሌላ ቃል መለወጥ አያሻውም።

ለዚህ ድክመት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት «በስሜት ሕዋሳት ጻፍ» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ደራሲው የትኛውን ሽታ፣ የትኛውን ድምፅ እንደሚመርጥ አይነግረውም። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ምሳሌ መመርመር ይሻላል። ምሳሌው ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከሳንሱሲ የተወሰደ ነው። የሚከተለውን አንቀጽ ለማሳያ ያህል ያቀናበረው የዚህ ሂስ ጸሐፊ ነው፤ አምሳያውን ግን አንባቢ ብዙ ጊዜ ሳያገኘው አልቀረም።

«ያደግሁት ሳንሱሲ ነው። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ በባሕር ዛፍ የተከበበ ነበር። የባሕር ዛፉ መዓዛ፣ የእናቴ እንጀራ ሽታ፣ የክረምቱ ጭቃ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ዛሬም በልቤ አሉ። ድሆች ብንሆንም ደስተኞች ነበርን።»

እዚህ ውስጥ ለስሜት ሕዋሳት የቀረቡ አራት ነገሮች አሉ። አንዳቸውም ግን ለአንባቢው አልደረሱም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ስለ ተጋፉ ማንም አልገባም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ጭራሹን ትዝታ አይደለም፤ ጎልማሳው ዛሬ በልጅነቱ ላይ የሰጠው ፍርድ ነው።

ይህን አንቀጽ ለማቃናት የሚነሣ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የሰፈሩ ስም ይሆናል። ሳንሱሲ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። ድሃ ቤተሰብ «ያለ ጭንቀት» በተባለ ሰፈር መኖሩ ጥሩ ምጸት ይመስላል። ነገር ግን የሰባት ዓመቱ ልጅ ፈረንሳይኛ አያውቅም። ለእርሱ ሳንሱሲ ማለት የታክሲ ረዳት የሚጮኸው ስም ብቻ ነው። ምጸቱ የጎልማሳው ነው፤ በልጁ አፍ ሲገባ ትዝታው ወዲያውኑ ይሞታል። ስለዚህ ስሙን እንተወውና ወደ ባሕር ዛፉ እንመለስ።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ የተስፋፋ ዛፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ደራሲያን ሁሉ የሚያውቁት የማይመስለኝ ግን ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል እንዳለው ነው። ያደገው ዛፍ ቅጠል ረጅም፣ ቀጭንና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። የለጋው ቅጠል ግን ወደ ክብነት ያደላል፤ ያለ እጀታ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሲሆን በላዩ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሰም አለበት። በጣት ሲጠርጉት ሰሙ ይለቅና ከሥሩ አረንጓዴው ይታያል። ዛፉ ለአጣና ወይም ለማገዶ ሲቆረጥ ከጉቶው ዙሪያ የሚፈላው ቀንበጥ የሚያወጣውም ይህንኑ ክብ ቅጠል ነው።

ለሂሳችን ዋናው ቁም ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ማጭድ መሳዩ ቅጠል ከሰው ራስ በላይ፣ በዛፉ ጫፍ ይኖራል፤ ልጁ ዘንድ የሚደርሰው ደርቆ ሲረግፍ ነው። ክቡ ቅጠል ግን በጉቶው ላይ፣ በልጁ ደረት ልክ ይበቅላል። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ «ረጅሙን ለምለም ቅጠል በእጄ ጨምድጄ» ብሎ ሲጽፍ፣ ቅጠሉ ከልጅነቱ ሳይሆን ጎልማሳ ሆኖ ቀና ብሎ ካየው ዛፍ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን። እርግጥ ነው፣ በዚያ ቀን ዛፍ ተገንድሶ፣ ቅርንጫፉ መሬት ላይ ተጋድሞ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ግንደሳው በጽሑፉ ውስጥ መኖር ነበረበት። በእውነት የታወሰ ነገር ቀጥሎ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ አለው፤ በየትኛው እጅ ያዝኸው፣ ከዚያስ ምን አደረግህ ቢሉት ይናገራል። በውሰት የመጣ ነገር እዚያው ላይ ዝም ይላል።

ትክክለኛውን ዝርዝር የሚመርጠው የልጁ ትኩረት እንጂ የጎልማሳው የደረጃ ሚዛን አለመሆኑን ማክሲም ጎርኪ በ1913 እና በ1914 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ልጅነቴ» በሚገባ አሳይቷል። መጽሐፉ የሚጀምረው በአባት ሞት ነው። ሕፃኑ በዝናብ ቀን በመቃብሩ አፋፍ ቆሞ የሚያየው ግን ከጉድጓዱ ሥር፣ በሣጥኑ ክዳን ላይ የተቀመጡትን እንቁራሪቶች ነው። አፈሩ ሲመለስ እንቁራሪቶቹ ይቀበራሉ፤ ሕፃኑም ይወጡ እንደሆነ አያቱን ይጠይቃል። ደራሲው ስለ ሐዘን ጥልቀት አንድ አንቀጽ ቢጽፍ ኖሮ የሕፃኑን ግራ መጋባት በዚህ ልክ ባላወቅነው ነበር። ሞት ምን እንደ ሆነ ገና ያልገባው ልጅ ሊገባው የሚችለውን ያህል ብቻ ያዘነው ለእንቁራሪቶቹ ነው።

ምርጫው ከተደረገ በኋላ የቋንቋ ችግር ይከተላል። «ቀይ» ስንል ደምንም በርበሬንም መጥራት አያስፈልገንም፤ ቀለሙ የራሱ ስም አለው። ሽታን ግን አማርኛ በአብዛኛው በምንጩ ነው የሚጠራው፤ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ የጭስ ሽታ እንላለን። መዓዛ፣ ጠረን፣ ክርፋት የሚሉት ቃላት ያስደስት ወይም ያስቀይም እንደሆነ፣ ወይም ከማን እንደሚመጣ ይነግሩናል እንጂ ሽታው ራሱ ምን እንደሚመስል አይነግሩንም። በዚህ ምክንያት ደራሲው በቅጽል ላይ ቅጽል ሲደራርብ፣ «ልብን የሚሰርቅ፣ ነፍስን የሚያድስ መዓዛ» ሲል፣ የሚነግረን ስለ ራሱ መደሰት ነው። ቋንቋችን በሌላ በኩል ትልቅ ሀብት አለው። «አለ» በሚለው ግሥ የሚቋጩት ቃላት፣ ቦግ አለ፣ እልም አለ፣ ቀጭ አለ የሚሉት ሁሉ፣ ድርጊቱንና ስሜቱን በአንድ ትንፋሽ ያደርሳሉ። ሽታም እንደዚሁ በድርጊት ሲገባ እንጂ በመግለጫ ሲገባ አይሠራም።

እንግዲህ አንቀጹን እንደ ገና እንጻፈው።

«ዛፉ በተቆረጠ ዓመት ከየጉቶው ዙሪያ ቀንበጥ ፈላ። ቅጠሉ ክብ ነበር፤ ነጭ ዱቄትም ነበረበት። በጣቴ ስጠርገው መሥመሩ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስሜን ልጽፍበት ጀመርሁ፤ የበቃው ግን ለመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ነው። ቤት ስደርስ እናቴ እጄን ይዛ አሸተተችውና ‹ጉቶው ጋ ነበርህ› አለች። የላከችኝ ደረቁን ቅጠል ጠርጌ እንዳመጣ ነበር። ምጣዱ ተጥዷል፤ ከሥሩ ያለው እሳት ቦግ ብሎ እልም አለ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሽታው በአንድም ቅጽል አልተገለጸም። ሥራው መመስከር ነው፤ ልጁን አሳልፎ የሰጠው እርሱ ነው። እናትየው እጁን ስታሸት ሽታው ለአንባቢው ደረሰ፤ የእናትየውም ጠባይ አብሮ መጣ፤ ሳትቆጣ ታውቃለች። ጭቃው፣ ደወሉና የእንጀራው ሽታ ወጥተዋል። መውጣታቸው ያጎደለው ነገር የለም፤ እንጀራው በምጣዱ ውስጥ አለ፤ ገና አልተጋገረም እንጂ።

አንዳንድ አንባቢ፣ በተለይም ሥነ ጽሑፍ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር ባለው ግንኙነት የሚመዝን አንባቢ፣ ይህ ሁሉ ስለ አንዲት ቅጠል መጨነቅ ትርፉ ምንድን ነው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በደረቁ ቅጠል ውስጥ ይገኛል። የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠል ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ቶሎም ያልቃል። በእርሱ የሚጋገር እንጀራ ዐይን እንዲያወጣ ከሆነ አንድ ሰው ከምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብሎ እፍኝ በእፍኝ ያለማቋረጥ መማገድ አለበት። ፍልጥ ያለው ቤት ልጁን ቅጠል ጠረጋ አይልክም። ስለዚህ እሳቱ እልም ባለ ጊዜ የቤቱ ኑሮ ሁሉ ተነግሯል። የመጀመሪያው አንቀጽ «ድሆች ብንሆንም» ብሎ የነገረንን ሁለተኛው አልነገረንም፤ አንባቢው ራሱ ደረሰበት። ደግሞም ልጁ ራሱ ድሃ መሆኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው ዘግይቶ መምጣቱን ነው። ይህን ክፍተት ጎልማሳው ጸሐፊ በገዛ ቃሉ ሊሞላው እንደማይገባ ከጎርኪ ሕፃን ተምረናል።

መንገዱ ግን ወሰን አለው። ጎርኪ «ልጅነቴ»ን ማውጣት በጀመረበት በዚያው በ1913 (እ.ኤ.አ.) ማርሴል ፕሩስት በፈረንሳይ የታላቅ ሥራውን የመጀመሪያ ክፍል አሳተመ። በሻይ የተነከረችው የማድሌን ኬክ እስከ ዛሬ የትዝታ ምሳሌ ሆና ትጠቀሳለች። ቀደም ባሉት ረቂቆቹ ውስጥ በኬኩ ቦታ የነበረው የተጠበሰ ዳቦ ነበር፤ ደራሲው ማድሌኗ ላይ የደረሰው በሂደት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ተራኪው ኬኩን በየሱቁ እያየ ምንም እንዳላስታወሰ፣ ከቀመሰው በኋላም ሁለተኛው ጉንጭ ከመጀመሪያው ምንም እንዳልበለጠ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው እንዳነሰ መናገሩ ነው። ጠንካራ ዝርዝር በተደጋገመ ቁጥር ይደክማል። በእኛም አንቀጽ እናትየው በየገጹ እጁን ብታሸት፣ በሦስተኛው ጊዜ ነገሩ የደራሲ ዘዴ መሆኑ ይታወቃል።

ሽታ በተለይ ለልጅነት ትዝታ የሚመች መሆኑን ጥናትም ይደግፈዋል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የተደረገ ምርምር በሽታ የተቀሰቀሱት ትዝታዎች በብዛት ከዐሥር ዓመት በፊት ያለውን ዕድሜ እንደሚመለከቱ፣ በቃልና በሥዕል የተቀሰቀሱት ግን ከዐሥራ አንድ እስከ ሃያ ዓመት ባለው ላይ እንደሚያመዝኑ አመልክቷል። ይህ የሚጠቅመው ግን ጸሐፊውን ነው፤ አንባቢው ፊት ቀለም የተቀባ ወረቀት እንጂ ቅጠል የለም። በኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ያደገው ወጣት አንባቢ የቅጠሉን ሽታ ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። ለእርሱ ሲባል ማብራሪያ መጨመር ግን አያስፈልግም። እናት የልጅዋን እጅ ይዛ ስታሸት አይቶ ያውቃል።