«ግሮው» የሚባለው የጥያቄ ሥርዓትና ኀላፊ ለመሆን የሚሻ ሠራተኛ

ጆን ዊትሞር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ያስታወቀው «ግሮው» የተባለ የኮቺንግ ሥርዓት አራት ደረጃዎች አሉት። ስሙ ከአራት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች የተገኘ ሲሆን ቃላቱም ግብ፥ ያለው ሁኔታ፥ አማራጭና ፈቃድ ማለት ናቸው። አለቃው መፍትሔውን ከመናገር ይልቅ ይጠይቃል፤ ሠራተኛው እየመለሰ መንገዱን ራሱ ያገኛል። ሥርዓቱን በጠቅላላው አንነቅፍም። የምንተቸው ኀላፊ ለመሆን ከሚፈልግ ሠራተኛ ጋር ሲሠሩበት የሚታየውን አጠቃቀም ነው።

ለምሳሌ አንዲት የኢንሹራንስ ድርጅት የካሳ ክፍል ሠራተኛ እንውሰድ። ከጓደኞቿ ሁሉ ይልቅ ብዙ ፋይል ትዘጋለች። አለቃዋ «ግብሽ ምንድን ነው?» ቢላት «በአንድ ዓመት ውስጥ የክፍሉ ኀላፊ መሆን» ትላለች። ቀን ያለው፥ ግልጽ የሆነ ግብ ይመስላል። ነገር ግን ቦታው መከፈቱም ሆነ ለማን መሰጠቱ በእርሷ እጅ አይደለም። ዊትሞር ራሱ የመጨረሻውን ግብ በሰውየው ሥልጣን ሥር ከሚውለው የሥራ ግብ ለይቶ ሲያሳይ፥ በሥርዓቱ የሚጠቀሙ ብዙዎች ግን ይህን ልዩነት ዘልለው ያልፉታል።

አለቃው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ነገሩ ይገለጣል፤ «ኀላፊ ከሆንሽ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?» እርሷም «ከባድ ከባዱን ፋይል እኔው እይዛለሁ» ብላ ትመልሳለች እንበል። እንግዲህ የፈለገችው የኀላፊነትን ሥራ ሳይሆን የአሁኑን ሥራዋን ከፍ ባለ ማዕረግ ነው ማለት ነው። ዊትሞር ግብ ከሁኔታው እንዲቀድም ያደረገው ከዛሬው ሁኔታ የሚነሣ ግብ ጠባብ ይሆናል በማለት ነው። ይህ ሠራተኛው ለሚያውቀው ሥራ ተገቢ ነው። ሠርቶት ለማያውቀው ሥራ ግን የመጀመሪያው ግብ ግምት ብቻ ስለሆነ፥ ሁኔታው ከተመረመረ በኋላ ወደ ግቡ መመለስ ግዴታ መሆን አለበት እንላለን።

በሁለተኛው ደረጃ «ለምን አላደረግሽም?» የሚል ጥያቄ ሰውን ለመከላከል ያስነሣዋል፤ ምን፥ መቼ፥ ስንት ጊዜ የሚሉት ይሻላሉ። «ባለፈው ወር ለሌላ ሰው የሰጠሽው ፋይል ስንት ነው?» «አራት።» «ከአራቱ መልሰሽ የወሰድሽውስ?» «ሦስቱን፤ ስለ ዘገዩብኝ።» በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ያለው ቁም ነገር ስለ ጠባይዋ ከሚነገረው ረጅም ወሬ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ቀጥለን ብንጠይቃት የምትመዘነው በዘጋችው ፋይል ቁጥር መሆኑን ትነግረናለች። ስለዚህ ሌላውን ማስተማር ለእርሷ ኪሳራ ነው። የሥርዓቱ ዋና ጉድለት፥ እንደሚመስለን፥ እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ ወደ ሰውየው ሲመለከቱ ምክንያቱ ግን በመሥሪያ ቤቱ መመዘኛ ውስጥ ተቀምጧል።

ሌላም ችግር አለ። ጠያቂው ስለ ዕድገቷ አስተያየት የሚሰጠው ያው አለቃ ነው። ጉድለቷን ገልጣ ብትነግረው ነገ በዕድገት ኮሚቴ ፊት እንዳያነሣባት ትሠጋለች፤ መልሷ ሁሉ የተወለወለ፥ ምሳሌና ቁጥር የሌለው ከሆነ ፍርሃት መኖሩን ማወቅ ይቻላል። መፍትሔው አለቃው ገና ሲጀምሩ «ቦታውን ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ ለኮሚቴው የምናገረው ግን ይህንና ይህን ብቻ ነው» ብሎ መለየቱ ነው።

ስለ አማራጮች ብዙ መናገር አያስፈልግም። አለቃው የራሱን ሐሳብ የሚያቀርበው እርሷ ያላትን ጨርሳ ስትናገር ብቻ ይሁን፤ አለዚያ ሐሳቡ እንደ ትእዛዝ ይቆጠራል።

በመጨረሻው ደረጃ ዊትሞር ሠራተኛው ሥራውን መፈጸሙን ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ከ10 እንዲመዝን ያስጠይቃል፤ ከ8 ካነሰ ሥራው ይቀነሳል ወይም ጊዜው ይረዝማል። የእኛ ሠራተኛ ሁለት አዲስ ሠራተኞችን በሦስት ወር ለማብቃት 6 ብትሰጥ፥ ማበረታቻ ከመናገር ይልቅ «8 እንዲሆን ምን ይቀነስ?» መባል አለባት። እርሷም «አንድ ሰው ይሁን፤ የጐርፍ ጉዳት ፋይልን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ እኔ እንዲዘጋ አበቃዋለሁ» ትላለች። ይህ ይጻፍ፤ የሚመረመርበትም ቀን ይቆረጥ። ከእርሷ ፊርማ በታች ግን የአለቃውም ግዴታ ሊጻፍ ይገባል፤ ይኸውም በእነዚያ ሦስት ወራት ከእርሷ የሚጠበቀው የፋይል ቁጥር እንዲቀነስ ነው።